የፖርትፎሊዮ ዲዛይን ስቴትመንት፦ 8 ቤት ያለው ግቢ፣ እስቲ አንብባችሁ ቀጥቅጡኝ

ህሊና_አርክ
ሰላም ለዚህ ቤት። ለማስተርስ ውጭ ላመለክት ነው፣ ፖርትፎሊዮ ይፈልጋሉ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ሁለት ገጽና ከ250 ቃል የማይበልጥ ስቴትመንት ነው የሚፈቅዱት። ከዋናው ፕሮጀክቴ ጀምሬያለሁ፣ የአራተኛ ዓመት ስቱዲዮ ስራዬ ነው። ቀበና አካባቢ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የቀበሌ ቤት የሆነ አንድ ግቢ አለ፣ 8 ቤተሰብ ይኖርበታል፣ ቦታው 14 በ28 ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ሰዎቹ ከቦታቸው ሳይነሱ እዛው ቢሰራላቸውስ ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ በአማርኛ ሀሳቡን ላጥራ ብዬ የጻፍኩት ይኸው፣ ሲያልቅ ነው ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው፦

«መሶብ የተሰኘው ይህ ፕሮጀክት የኢትዮጵያን የአብሮነት ባህል ከዘመናዊ አርክቴክቸር ጋር ያዋህዳል። ሰዎች በአንድ መሶብ ዙሪያ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ ቤቶቹም በአንድ ግቢ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ዲዛይኑ ማህበራዊ ትስስርን፣ ዘላቂነትንና ማንነትን መሠረት ያደረገ ነው። የዝናብ ውሃን በማጠራቀም ግቢው በውሃ ራሱን የቻለ ሲሆን የጋራ ኩሽናው ደግሞ የነዋሪዎችን ግንኙነት ያጠናክራል። ፕሮጀክቱ ከቺሊያዊው አርክቴክት አራቬና ሥራዎች መነሻነት ወስዷል።»

ምን ይቀነስ ምን ይጨመር?

ኮንሴፕት_ኪንግ
ህሊ አሪፍ ነው በጣም፣ መሶብ የሚለው ኮንሴፕት ይገዛል፣ ፈረንጆቹ ባህል ያለበት ነገር ይወዳሉ። እኔ ብሆን እንደውም መሶቡን ፕላኑ ላይ አሳየው ነበር፣ ግቢውን ክብ አድርጊው። አንድ ነገር ብቻ፣ በደቡብ በኩል ያሉት ቤቶች ፊታቸው ወደ ሰሜን ነው አይደል? እነሱ ፀሐይ መቼም አያገኙም፣ መስኮት ሁሌ ወደ ደቡብ ነው መሆን ያለበት፣ ይሄ የታወቀ ህግ ነው። ጁሪ ላይ ይይዙሻል።

ባለ105ካሬ
እህቴ ስራሽ ደስ ይላል። እኔ 105 ካሬ የማህበር ቦታ ደርሶኛል፣ ጂ ፕላስ ዋን ፕላን በስንት ትሰሪያለሽ? ሳሎኑ ሰፋ ያለ፣ ከታች ሱቅ የሚወጣለት ቢሆን።

ህሊና_አርክ
@ባለ105ካሬ ወንድሜ ይሄ የትምህርት ፕሮጀክት ነው፣ የሚሸጥ ፕላን የለኝም 😅

ሴክሽን_ይቅደም
ህሊና ሰላም ነሽ። ስራ ላይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ለቢሮ ሰው ስንቀጥርም ብዙ ፖርትፎሊዮ አያለሁ፣ ስለዚህ እንዳትከፊብኝ በግልፅ ልንገርሽ። የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል አሁንም አላወቅሁም። ስንት ፎቅ ነው፣ ግቢው ስንት ሜትር ይሰፋል፣ ሰው በየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ ምንም የለም። «ማህበራዊ ትስስር፣ ዘላቂነት፣ ማንነት» የሚለውን ቆርጠሽ ለሆስፒታል ብትለጥፊው እዛም ይሄዳል፣ ያ ነው ችግሩ። መሶቡም እንደዛው ነው፣ ግቢሽ አራት መዓዘን ነው፣ ጠባብና ረጅም ነው፣ መሶብ ከየት መጣ? ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ የተለጠፈ ስም ይመስላል። ክብ አድርጊው የሚለውን ምክርማ እንዳትሰሚ፣ 14 ሜትር ላይ ክብ ብትሰሪ ማዕዘኑ ሁሉ የቆሻሻ መጣያ ነው የሚሆነው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሴክሽኑን ለጥፊልን ወይ በቃል ንገሪን። ሁለቱ ረድፍ ቁመታቸው እኩል ነው?

ህሊና_አርክ
እሺ በቃል ልሞክር። ሁለት ረድፍ ነው፣ አንዱ በሰሜን አጥር አንዱ በደቡብ አጥር ላይ ተለጥፎ፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ 4.5 ሜትር ነው ጥልቀታቸው፣ መሀል ላይ 5 ሜትር ግቢ ይቀራል። 4.5 ያደረኩት አጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት መስኮት መክፈት ስለማይቻል ብርሃን ከአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ ከዛ በላይ ቢጠልቅ ጓዳው ጨለማ ነው። ቁመታቸው እኩል አይደለም፣ የሰሜኑ ጂ ፕላስ ዋን ነው 6 ሜትር፣ የደቡቡ ግን ፎቅ የለውም፣ 3.4 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ቤይ አለው። ሰሜኑ ላይ ከታች ሦስት ከላይ ሦስት፣ ደቡቡ ላይ ሁለት ቤት፣ አንዱ ቤይ ደግሞ የጋራ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና ሮቶ። ሁሉም ቤት እኩል ነው፣ 42 ካሬ ገደማ።

ሴክሽን_ይቅደም
ደቡቡን ለምን ዝቅ አደረግሽው? ሁለቱንም ጂ ፕላስ ዋን ብታደርጊ 11 ቤት ይወጣሽ ነበር እኮ።

ህሊና_አርክ
ለፀሐዩ ነዋ። ታህሳስ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ደቡቡ ከፍ ካለ ግቢው ጥላ ይሆናል። ሞዴሉን ሰርተን ሜዳ ላይ አውጥተን አይተነው ነው፣ ከጓደኛዬ ጋር። አዲስ አበባ በታህሳስ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ሰው ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ህፃን ይታጠባል፣ በርበሬ ይሰጣል።

ሴክሽን_ይቅደም
ይሄን ነው የምልሽ! ይሄ የፕሮጀክትሽ ዋና ሀሳብ ነው፣ ስቴትመንትሽ ላይ ግን አንድ ቃል የለም።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ታህሳስ 12 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ናት። 6 ሜትር ህንፃ በዛ ሰዓት 3.8 ሜትር ጥላ ይጥላል፣ ከ5 ሜትር ግቢሽ ለፀሐይ የሚቀረው 1.2 ነው፣ ያ መተላለፊያ ነው እንጂ ግቢ አይባልም። 3.4 ስታደርጊው ጥላው ወደ 2.2 ይወርዳል፣ 2.8 ሜትር ፀሐይ ይቀርልሻል። እና ለዚህ ስትዪ 3 ቤት ትተሻል። አንድ ነገር ለማግኘት ምን እንደተውሽ ስትናገሪ ነው አንባቢው ይቺ ልጅ አስባ ነው የሰራችው የሚለው። ያቺን አንዲት ሴክሽን ትልቅ አድርጊና ሁለቱን የፀሐይ መስመር አስምሪባት፣ ሬንደሩን አሳንሺው።

@ኮንሴፕት_ኪንግ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ታህሳስ ላይ የደቡቡ ረድፍ ክፍሎች ቀጥታ ፀሐይ አይገባቸውም፣ እውነት ነው። «መቼም» ግን አይባልም። ያ ህግ የአውሮፓ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው፣ እኛ ጋ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ክረምቱ ደመና ስለሆነ ብዙ አይታወቅም እንጂ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወደ ሰሜን የዞረ በር ላይ ቁመህ እየው።

ኮንሴፕት_ኪንግ
እሺ የሰሜኑን ተቀብያለሁ፣ ይሄን አላስተዋልኩም ነበር። ግን ያለ ኮንሴፕት ስቴትመንት ደረቅ የኢንጂነር ሪፖርት ነው የሚሆነው፣ በዚህ አልስማማም። ስም እንኳ ያስፈልገዋል።

ሴክሽን_ይቅደም
ስም ይኑረው፣ ማን ከለከለ። ስሙ ግን ስራውን አይስራላት ነው የምለው።

አራዳ_ተወልዳ
እኔ አርክቴክት አይደለሁም፣ እንደዛ አይነት ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ከዛ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ልጄ የጋራ ኩሽና «ግንኙነት ያጠናክራል» ያልሽው ላይ ሳቅሁ። ግንኙነቱማ ይጠናከራል፣ ጠቡም ይጠናከራል! ማን ቀድሞ ይጋግር፣ አመዱን ማን ይጥረግ፣ የመብራቱን ማን ይክፈል። ኮንዶሚኒየሙ ላይም የጋራ ህንፃ ሰርተውልን ነበር፣ ለመጋገሪያ፣ ለልብስ፣ ለድግስ ተብሎ፣ እኛ ሳይት ላይ ቆይቶ ተከራየና ሱቅ ሆነ። ሰዉ ምጣዱን ቤቱ አስገባ፣ በረንዳ ላይ የሚጋግርም አለ። እና 8 አባወራ በአንድ ኩሽና አይሆንም ባይ ነኝ። ፀሐዩ ያልሽው ግን እውነት ነው፣ እናቴ ወንበሯን ይዛ ፀሐዩን ተከትላ ግቢውን ስትዞር ነበር የምትውለው።

ህሊና_አርክ
@አራዳ_ተወልዳ እትዬ አመሰግናለሁ በጣም። እኔ ያሰብኩት ወጥ ለመስራት ሳይሆን እንጀራ ለመጋገር ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ኩሽና አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል፣ 8 ቤት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሰካ ኬብሉ አይችልም ብዬ ነው ወደ አንድ ቦታ የሰበሰብኩት። በምዕራብ ጫፍ ያደረግሁትም በበጋ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ በእንጨት ቢጋገር እንኳ ጭሱ ከግቢው እንዲወጣ ነው።

አራዳ_ተወልዳ
እሱን ነዋ መጻፍ! እኔ መች ገባኝ ከላይ ስታነቢው፣ ወጡንም አንድ ላይ ሊያሰሯቸው ነው ብዬ ተቆጣሁ እኮ። ጭሱስ ይሁን፣ ቆጣሪው በማን ስም ነው?

ህሊና_አርክ
እሱን አልመለስኩትም እውነቱን ለመናገር። ለየብቻ ሶኬትና ለየብቻ ቆጣሪ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ስዕሉ ላይ ግን የለም።

ፎርማኑ
እኔ ሳይት ላይ ነው የምውለው፣ አንድ ሁለት ነገር። አንደኛ «በውሃ ራሱን የቻለ» የሚለውን አጥፊው። ጣሪያሽ 28 በ4.5 ሁለት ጊዜ 252 ካሬ ነው። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ 20 ሚሊ ቢጥል 5 ሺ ሊትር ነው፣ የሚፈሰውና የሚረጨው ሲቀነስ 4 ሺ ምናምን ይገባልሻል። ሮቶሽ ስንት ነው?

ህሊና_አርክ
5 ሺ ሊትር።

ፎርማኑ
በቃ። አንድ ዝናብ ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ፈሶ ቀበና ወንዝ ነው የሚገባው። 8 ቤት 40 ሰው ቢሆን፣ በሰው 40 ሊትር ብንል 1,600 ሊትር በቀን ነው፣ ሮቶው ሦስት ቀን ነው የሚይዝልሽ። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ጥር ላይ ከየት ታመጫለሽ? ዓመቱን ሙሉ የሚወርደውን በጣሪያ አባዝተው «ይበቃል» የሚሉ አሉ፣ የሚያጠራቅሙበት ታንከር ግን ግቢውን ሙሉ ይሞላዋል። «በክረምት ለልብስና ለመፀዳጃ፣ በበጋ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ለሦስት ቀን መጠባበቂያ፣ ከመስመር እየተሞላ» ብትዪ ማንም አይከራከርሽም።

ሁለተኛ ላይኛው ፎቅ በየት ነው የሚወጣው?

ህሊና_አርክ
በምሥራቅ በኩል አንድ ደረጃ አለ፣ ከዛ 1.2 ሜትር የሆነ ክፍት ኮሪደር በግቢው በኩል ሦስቱንም በር ያገናኛል።

ፎርማኑ
እና ኮሪደሩ ከታችኛው ቤት መስኮት በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ለዝናቡ ጥሩ ነው፣ ፀሐዩንስ?

ሴክሽን_ይቅደም
ፎርማኑ ጥሩ ቦታ ነካህ። ኮሪደሩ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ታህሳስ ቀትር ላይ ግድግዳው ላይ 1.9 ሜትር ወደ ታች ጥላ ይጥላል። ማለት ከወለል 1.1 ሜትር በላይ ያለው ግድግዳ ጥላ ነው፣ መስኮትሽ ያለው ደግሞ እዛ ላይ ነው። ግቢው መሬት ፀሐይ አለው፣ ታችኛው ቤት ውስጥ ግን ቀትር ላይ አይገባም። በበሩ በኩል ትንሽ ይገባል። ጠዋትና ከሰዓት ሌላ ነው፣ ፀሐይ ከጎን ትመጣለች።

ህሊና_አርክ
😭 ጁሪ ላይ ማንም አላነሳውም። አሁን ኮሪደሩን አውጥቼ ሁለት ደረጃ ላድርገው? ዴድላይን ሦስት ሳምንት ነው።

ኮንሴፕት_ኪንግ
አትንኪው! የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ነው፣ እንደነበረ ነው መቅረብ ያለበት። አንዴ መነካካት ከጀመርሽ ፕላኑም ኤሌቬሽኑም ሞዴሉም አይገናኝም።

ፎርማኑ
እኔ አውጪው ባይ ነኝ። ሁለት ደረጃ ይከብዳል ግን ኮሪደሩ ራሱ ስላብ ነው፣ ብረት ነው፣ ሂሳቡ ብዙ አይራራቅም።

ሴክሽን_ይቅደም
ማሻሻል ይቻላል፣ ብዙ ሰው ከጁሪ በኋላ አስተካክሎ ነው የሚያስገባው፣ ነውር የለውም። እኔ ግን ሌላ መንገድ አለ እላለሁ፣ የኮሪደሩን ወለል ስላብ ከማድረግ ክፍት የብረት ፍርግርግ ብታደርጊው? ብርሃን ያሳልፋል።

አራዳ_ተወልዳ
ፍርግርግ?? ቀሚስ ለብሳ የምትሄድ ሴት ከስር ሰው ቆሞ? በፍፁም። ጥራጊውም የታችኛው ሰው ቡና ላይ ነው የሚወርደው።

ሴክሽን_ይቅደም
ተሸነፍኩ 😂 በዚህ እትዬን አልከራከርም።

ባለ105ካሬ
የኔ ቦታ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ እንደዚህ ስትሉ ፀሐዩ እንዴት ይሆናል ማለት ነው? ሳሎኑን ወደ መንገድ አድርጉልኝ ብዬ ነበር ለረቂቅ ለሰራልኝ ልጅ።

ፎርማኑ
@ባለ105ካሬ ከሰዓት በኋላ ሳሎንህ ይጋገራል፣ ዓመቱን ሙሉ። በረንዳ አውጣለት ወይ መስኮቱን አሳንሰው፣ ሌላ ክር ክፈትና እንነጋገር።

ሴክሽን_ይቅደም
ህሊና አንድ ሌላ፣ አራቬናን ለምን ጠራሽው? የኢኪኬው ፕሮጀክት፣ ኪንታ ሞንሮይ፣ 93 ቤተሰብ ነው፣ ሀሳቡ ቤቱን ግማሹን ሰርቶ ሌላውን ቤተሰቡ በራሱ አቅም እንዲጨርሰው ክፍተት መተው ነው። ያንቺ ላይ ማን ምን ይጨምራል? የሰሜኑ ጂ ፕላስ ዋን ሞልቷል፣ ደቡቡ ላይ ፎቅ ቢጨምሩ ፀሐዩ ይጠፋል። ሀሳብሽ እንደውም የሱ ተቃራኒ ነው፣ ደቡቡ መቼም እንዳያድግ ነው የምትፈልጊው። ስሙን ስታዪ እሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የምትጋጪው፣ አውጪው። ደግሞ ሞዴሉን ከጓደኛዬ ጋር ብለሻል፣ ፎቶው ስር «ሞዴል፦ ከእገሌ ጋር» ብለሽ ጻፊ፣ አንድ መስመር ነው።

ህሊና_አርክ
እሺ፣ ሌሊቱን እንደገና ጻፍኩት፦

«ቀበና፣ አዲስ አበባ። በ14 በ28 ሜትር ቦታ ላይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ 8 ቤተሰቦች ሳይፈናቀሉ እዚያው የሚኖሩበት ቤት ነው። ሁለት ረድፍ ቤቶች በሰሜንና በደቡብ አጥር ላይ ቆመው መሀላቸው 5 ሜትር ስፋት ያለው ግቢ ይቀራል። ወደ ጎረቤት መስኮት ስለማይከፈት የቤቶቹ ጥልቀት ከ4.5 ሜትር አይበልጥም።

ፕሮጀክቱ የቆመው በአንድ ውሳኔ ላይ ነው፤ የደቡቡ ረድፍ ፎቅ የለውም። ከፍ ቢል 11 ቤት ይወጣ ነበር፤ ግን በታህሳስ ቀትር ከግቢው 1.2 ሜትር ብቻ ፀሐይ ያገኛል። ዝቅ በማለቱ 2.8 ሜትር ያገኛል፤ ነዋሪዎቹ በብርድ ወራት የሚውሉትም እዚያ ነው። የዚህ ዋጋ ሦስት ቤቶች ናቸው፤ የደቡቡ ሁለት ቤቶችም በእነዚያ ወራት ውስጣቸው ፀሐይ አያገኝም።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ኩሽና አለው። እንጀራ የሚጋገረው ግን በምዕራብ ጫፍ ባለው የጋራ ክፍል ነው፤ የበጋው ነፋስ ጭሱን ከግቢው ያወጣዋል፣ ምጣዶቹም በአንድ ጠንካራ መስመር ላይ ይሰካሉ። ክፍሉን ማን እንደሚያስተዳድረው ንድፉ አልመለሰም። በሮቶ የሚጠራቀመው የጣሪያ ውሃ በክረምት ለልብስና ለመፀዳጃ ያገለግላል፤ ውሃ ሲጠፋ ሦስት ቀን ያቆያል።»

ፎርማኑ
አሁን ቤቱ ታየኝ። ሦስት ቀን ያቆያል የሚለው ላይ «ሙሉ ከሆነ» ጨምሪበት።

ኮንሴፕት_ኪንግ
መሶቡ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ግን 😔 ጥሩ ነው እሺ፣ ትንሽ ደረቅ ነው እንጂ። «ማን እንደሚያስተዳድረው ንድፉ አልመለሰም» የሚለውን አውጪው፣ ማን ድክመቱን በራሱ እጅ ይጽፋል? ውድድር ነው ይሄ።

ሴክሽን_ይቅደም
እኔ ይቆይ እላለሁ። ቃለ መጠይቅ ካለ የሚጠይቋት እሱን ነው፣ መልስ ይዛ ትጠብቃለች። ግን ኮንሴፕት ያለውም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት ጥርት ያለ ነገር ነው የሚፈልገው፣ የምታመለክቺበትን የድሮ ተማሪዎች ስራ አይተሽ ወስኚ። ኮሪደሩንስ ምን አደረግሽው? እሱ እዚህ ውስጥ የለም።

ህሊና_አርክ
ገና ነኝ። ደረጃውን ሁለት አድርጌ ስሞክር ሁለተኛው ደረጃ ከግቢው 2.8 ሜትር ፀሐይ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያዳንኩትን መልሼ ልበላው ነው። ኮሪደሩን ወደ 90 ሳንቲ ባሳንሰውስ ብዬ ጥላው ወደ 1.4 ይወርዳል፣ መስኮቱ ላይኛው ግማሽ ጥላ ታችኛው ፀሐይ ይሆናል። ግን 90 ሳንቲ ላይ ሶፋ ይዞ የሚወጣ ሰው እንዴት ያልፋል?

አራዳ_ተወልዳ
ሶፋስ ይሁን፣ አስከሬን እንዴት ይወርዳል? እሱንም አስቢ ልጄ።

ፎርማኑ
እትዬ ልክ ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ስንት ቀን አይቻለሁ። ከ1.2 አታውርጂው። መስኮቱን ዝቅ አድርጊው፣ ደፉ ከወለል 40 ሳንቲ ላይ ይጀምር፣ ከ1.1 በታች ያለው ፀሐይ ያኔ ይገባልሻል።

ህሊና_አርክ
ኦ። ህፃን ለሚኖርበት ቤት ብረት ይፈልጋል ግን እሱ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ሴክሽኑን ስዬ እለጥፈዋለሁ፣ 40 ሳንቲ ላይ ከግቢ የሚያልፍ ሰው ክፍሉን ሙሉ እንዳያይ ምን እንደማደርግ ግን ገና አላወቅኩም።